ሁለት አግዳሚ እንጨት በሰያፍ ቆርጦ፣ በኮላና በቡሎን አንድ ማድረግ

7 ሜትር የሚሆን አግዳሚ ያስፈልጋችኋል፣ የተገኘው ግን አንድ 5 ሜትርና አንድ 3 ሜትር ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ያጋጥምና ግራና ቀኝ ጣውላ ለጥፎ ሚስማር ይመታበታል፣ ከአመት በኋላ ቀና ብሎ ሲያየው መጋጠሚያው ጋ ሰርጉዶ ያገኘዋል። ጫፍ ለጫፍ ኮላ መቀባትም አይሰራም፣ የእንጨት ቃጫ ማለት እንደ ቀሰም እስር ነው፣ ጫፉ ላይ የቀባችሁትን ኮላ ውስጥ ለውስጥ ይመጠውና ለመጋጠሚያው የሚተርፍ ነገር የለም። ኮላ የሚይዘው የቃጫው ጎን ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ረጅም ሰያፍ አድርጎ መቁረጥና አንዱን በሌላው ላይ ማስተኛት ነው ያለው፣ ስካርፍ የሚባለው ይሄ ነው።

እዚ የምሰራው በአንድ ልክ ነው፣ ውፍረቱ 7.5 ሳንቲም፣ ቁመቱ 15 ሳንቲም የሆነ እንጨት፣ አንዱ 5 ሜትር ሌላው 3 ሜትር፣ በ3 ምሰሶ ላይ የሚያርፍ፣ በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ክፍተት 3.5 3.5 ሜትር። የናንተ ልክ ሌላ ከሆነ ሂሳቡን እያየን ስለምንሄድ ቁጥሩን ትቀይራላችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፣ ፎቅ ወይም ሰው የሚበዛበት ነገር የሚሸከም አግዳሚ ከሆነ የእንጨቱን ልክና የቅጥያውን ቦታ መሃንዲስ ይይላችሁ፣ በዚ ጽሁፍ ብቻ አትስሩት።

ሰያፉ ምን ያህል ይርዘም፣ በየት በኩል ይቆረጥ

ልኩ ከ1 ለ10 ነው፣ ማለትም ውፍረቱን በ10 ማባዛት። 7.5 ሲባዛ በ10፣ 75 ሳንቲም። በደንብ የተሰራ የ1 ለ10 ስካርፍ ያልተቆረጠ ንጹህ እንጨት ካለው ጥንካሬ 85 በመቶ አካባቢ ይሰጣል፣ 1 ለ8 ብታደርጉት ወደ 80 ይወርዳል፣ እንጨት ለመቆጠብ ብላችሁ 1 ለ5 ካደረጋችሁት 65 አካባቢ ነው። ወደ 1 ለ12 ብታስረዝሙት 90 ይደርሳል፣ ግን ቀጥ አድርጎ መላጉ እየከበደ ስለሚሄድ በእጅ ለሚሰራ ሰው 1 ለ10 ጥሩ መሃል ነው ባይ ነኝ።

ሰያፉን በ15ቱ በኩል ሳይሆን በ7.5ቱ በኩል ነው የምትቆርጡት። እንጨቱ ቦታው ላይ ቆሞ ከላይ ወደታች ብታዩት የሰያፉ መስመር የሚታየው ከላይ ነው፣ ከጎን ስታዩት የሚታየው ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ መስመር ብቻ ነው። ለምን ካላችሁ፣ በ15ቱ በኩል ብትቆርጡት ሰያፉ 1.5 ሜትር ይሆናል፣ የሚጣበቀው ስፋት ደግሞ ያው ነው አይጨምርም። በዛ ላይ ስስ የሆነው ጫፍ ከስር ይውላል፣ አግዳሚ ሲጎብጥ ደግሞ በጣም የሚወጠረው ከስር ነው፣ ጫፉን እየላጠ ያነሳዋል። በ7.5ቱ በኩል ሲሆን ስስ ጫፎቹ ጎንና ጎን ናቸው፣ ቡሎኑም በጎን ስለሚገባ ስራው ይቀላል።

እንግዲህ ርዝመቱ፣ 5 ሲደመር 3 ሲቀነስ 0.75፣ 7.25 ሜትር። ከሁለቱ የዳር ምሰሶዎች መሃል እስከ መሃል 7 ሜትር ነው፣ በየዳሩ 12.5 ሳንቲም ይተርፋል።

ቅጥያው የት ይዋል

እዚ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት እኩል እንጨት ቢቀጠል ቅጥያው መሃለኛው ምሰሶ ላይ ይውላል፣ ሰውም ከስሩ ምሰሶ ስላለ ደስ ይለዋል። ችግሩ 3 ምሰሶ ላይ ያረፈ አንድ ወጥ አግዳሚ በጣም የሚጨነቀው እዛው መሃለኛው ምሰሶ ላይ መሆኑ ነው። በየክፍተቱ ሆዱ ወደታች ይሰረጉዳል፣ ምሰሶው ላይ ሲደርስ ደግሞ በተቃራኒው ይታጠፋል። ከአንዱ አጎባበጥ ወደሌላው ሲቀየር ግን በመሃል ጭራሽ የማይታጠፍበት ነጥብ አለ፣ ሁለቱ ክፍተቶች እኩል ሆነው ጭነቱም እኩል ከተበተነ ይሄ ነጥብ ከመሃለኛው ምሰሶ የክፍተቱን ሩብ ያህል ርቆ ነው የሚገኘው። የ3.5 ሩብ 87.5 ሳንቲም።

የኛ 5 ሜትርና 3 ሜትር ጥሩ የሆነው ለዚህ ነው። ሰያፉ ከ4.25 እስከ 5 ሜትር ነው፣ መሃሉ 4.625 ላይ፣ መሃለኛው ምሰሶ ደግሞ 3.625 ላይ፣ ስለዚህ የቅጥያው መሃል ከምሰሶው 1 ሜትር ይርቃል፣ ከሚፈለገው ነጥብ በ12.5 ሳንቲም ብቻ ነው የሚለየው። በቂ ነው። ጭነቱ አንዱ ክፍተት ላይ ብቻ ሲሆን ነጥቡ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ለዛም ነው ቦታው ጥሩ ነው ብለን ሰያፉን የማናሳጥረው። 2 ምሰሶ ብቻ ካላችሁ እንዲህ አይነት ነጥብ የለም፣ መሃሉን ሽሹና ወደ አንዱ ምሰሶ አስጠጉት።

እንጨቱን ማየት

ሁለቱም አንድ አይነት እንጨት፣ ደረቅ፣ እርጥበታቸው ከ15 በመቶ ብዙ ያልዘለለ ይሁን። ዋናው ግን ሁለቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፣ አንዱ ከርሞ የደረቀ ሌላው ትናንት የተሰነጠቀ ከሆነ እርጥቡ ሲደርቅ ይጠብና ኮላውን ይቀድደዋል፣ ስለዚህ አንድ ጣራ ስር አብረው ይሰንብቱ። ሰያፉ የሚያርፍበት 75 ሳንቲምና ከዛ ወዲያ 20 ሳንቲም ያህል ጉጥ የሌለበት፣ ቃጫው ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሆን አለበት፣ ጉጥ ካለ ጫፉን ገልብጡ ወይ ቆርጣችሁ ጣሉ። በርዝመቱ ትንሽ የጎበጡ ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ጉብታ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በእርሳስ "ላይ" ብላችሁ ጻፉ፣ በኋላ ሲገላበጥ ይጠፋባችኋል።

መቁረጥና መላግ

ጫፎቹን በስኳድራ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዛ በሁለቱም ጠባብ ጎን (7.5ቱ ላይ) ከጫፉ 75 ሳንቲም ለኩና ከዛ ነጥብ እስከ ተቃራኒው የጫፍ ጥግ ሰያፍ መስመር አስምሩ፣ በ15ቱ ገጽ ላይ ደግሞ በስኳድራ አገናኟቸው። ከመስመሩ 3 ሚሊ ያህል ራቅ ብላችሁ ቁረጡ። ተራ የእጅ ሰርኩላር 6.5 ሳንቲም አካባቢ ነው የሚገባው፣ እንጨቱ 15 ስለሆነ ከላይና ከታች ብትቆርጡም መሃሉ ላይ 2 ሳንቲም ይቀራል፣ እሱን በእጅ መጋዝ ጨርሱት።

አሁን መላጉ። ሁለቱን ለየብቻ አትላጉ። 15ቱ ገጽ ወደላይ ሆኖ አንዱን በአንዱ ላይ አስተኙ፣ ሁለቱም ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የላይኛው ግን 75 ሳንቲም ወደኋላ ያፈገፈገ። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ሰያፍ የሚያልቅበት የታችኛው ከሚጀምርበት ጋ ይገጥምና 1.5 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ተዳፋት ይሆናል። በክላምፕ እሰሩና በተሳለ መላጊያ አንዴ ከላይ እስከ ታች ላጉ። ስስ ጫፉ እንዳይሰበር ከስሩ ተራ ጣውላ ይኑር፣ መላጊያውም ሁሌ ከወፍራሙ ወደ ስሱ ይሂድ።

የዚህ አሰራር ጥቅም ተዳፋቱ ከ1 ለ10 ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚዛነፍ ሲጋጠሙ ይጣፋል። ግን ሁሉም ስህተት አይጣፋም፣ ልብ በሉ። በስፋቱ በኩል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱ ሲገለበጥ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል፣ ግራው 1 ሚሊ ዝቅ ካለ ሲጋጠም 2 ሚሊ ክፍተት ነው። መሃሉ ያበጠም ከሆነ እንደዛው፣ እብጠት በእብጠት ላይ ሆኖ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በስፋቱና በማእዘን ለማእዘን እያስተኛችሁ ብርሃን የሚያሳልፍበትን እዩ። ከማበጥ ይልቅ በጣም ትንሽ ቢጎድል ይሻላል፣ ጉድለትን ኢፖክሲ ይሞላዋል፣ እብጠትን ግን ምንም አይሞላውም።

ደረቁን ማጋጠምና መብሳት

ኮላ ከመነካቱ በፊት ሁሉም ነገር ደረቁን ይሞከር። ቢያንስ 4 ማረፊያ ደርድሩ፣ ከፍታቸው እኩል መሆኑን በሲባጎ አረጋግጡ፣ ቅጥያው በሚያርፍበት ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ አለዚያ አግዳሚው ከማረፊያው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሁለቱን በጎናቸው አስተኝታችሁ አጋጥሙ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና ቀጥ ማለቱን እዩ። ክፍተቱ የትም ቦታ ከ1 ሚሊ የሚበልጥ ከሆነ ወደ መላጊያው ተመለሱ።

ሲስተካከል በክላምፕ እሰሩትና የቡሎን ቦታ ምልክት አድርጉ። 4 ባለ 12 ሚሊ ቡሎን፣ ርዝመታቸው 10 ሳንቲም፣ ዚንክ የተነከሩ ወይም የማይዝጉ። ከአንዱ የሰያፍ ጫፍ 15፣ 30፣ 45ና 60 ሳንቲም ላይ፣ አንዱ ከላይኛው ጠርዝ 5 ሳንቲም ወረድ ብሎ፣ ቀጣዩ ከታችኛው ጠርዝ 5 ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ እንዲህ እየተቀያየረ ዚግዛግ። በአንድ መስመር ከደረደራችኋቸው እንጨቱ በዛው መስመር ሊሰነጠቅ ይችላል። ወደ ጠርዙም አታስጠጉ፣ በተለይ ወደ ታችኛው፣ በጣም የሚወጠረውን ቃጫ ትበሱታላችሁ። ከጫፉ 15 ሳንቲም ያልኩት ደግሞ እዛ ላይ የስሱ እንጨት ውፍረት ገና 1.5 ሳንቲም ስለሆነ ነው፣ ከዛ ወዲያ ብትጠጉ ቡሎኑ ይሰነጥቀዋል።

ቀዳዳው በ12 ወይም ቢበዛ በ13 ሚሊ መብሻ፣ ቀጥ ብሎ። ከስር ጣውላ ደግፉ ወይም የመብሻው ጫፍ ብቅ ሲል አቁሙና ከዛኛው በኩል ጨርሱ፣ አለዚያ መውጫው ይቦጨቃል። ቡሎኖቹን አስገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዛ ሁሉንም ፍቱ፣ አቧራውን አራግፉ።

ኮላው

ለዚህ ስራ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ነው የምመርጠው። ነጩ የአናጢ ኮላ ለወንበር ጥሩ ነው፣ ቀን ከሌት ጭነት ለተሸከመ አግዳሚ ግን አይሆንም፣ ቀስ በቀስ ይሳባል። አረፋ የሚሰራው ፖሊዩሪታንም ክፍተት የሞላ ይመስላል እንጂ አረፋው ጉልበት የለውም። ኢፖክሲ ትንሽ ክፍተት ይችላል፣ በክላምፕ በኃይል ማጥበቅም አይፈልግም።

ለኛ ልክ 250 ግራም ይበቃል። ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ለኩ፣ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር የሚባል ነገር የለም፣ ልኩ ከተዛባ ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ለ2 ደቂቃ ያህል የእቃውን ጎንና ስር እየፋቃችሁ አማስሉ፣ ከዛ ሰፋ ወዳለ ትሪ ገልብጡት፣ ጠባብ እቃ ውስጥ ከቆየ በራሱ ሙቀት ግሎ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ጓንት አይረሳ።

መጀመሪያ ማወፈሪያ ዱቄት ያልገባበትን ኢፖክሲ በብሩሽ ሁለቱንም ሰያፎች ቀቡ፣ የቀዳዳዎቹንም ውስጥ። 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ሰያፍ በመሆኑ የተቆረጠ ቃጫ ስላለ ኮላውን ይመጥጠዋል፣ ደርቆ የደበዘዘ ቦታ ካያችሁ ድገሙት። ይሄን እርምጃ የዘለለ ሰው ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ውስጡ ግን ኮላ የተራበ ቅጥያ ነው የሚኖረው። ከዛ የቀረውን ኢፖክሲ በሲሊካ ዱቄት ወይም በደንብ በተነፋ ሰጋቱራ አወፍሩ፣ በስንጥር ሲነሳ ሳይንጠባጠብ የሚቆም እስኪሆን፣ አንዱ ፊት ላይ በሙሉ በስሱ አዳርሱ።

አጋጥሙና ቡሎኖቹን አስገቡ። ሰያፍ ነገር ሲጠብቅ መንሸራተት ይወዳል፣ ቀዳዳዎቹን ቀድመን የበሳነው ለዚህ ነው፣ ቡሎኖቹ ቦታውን ይይዙታል። በሁለቱም በኩል 5 በ5 ሳንቲም የሆነ፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ሮንዴላ ይግባ፣ ጥርሱ ላይ ሰም ቀቡ ዳዶው በኋላ እንዲላቀቅ። ከመሃል ወደ ዳር እየቀያየራችሁ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። ስስ ጫፎቹ ላይ ላስቲክ፣ በላዩ ጣውላ፣ በላዩ ክላምፕ።

የት ይቁም? ኮላው በመስመሩ ሙሉ በትንንሽ ጠብታ መሰል ተከታትሎ ሲወጣ በቃ። ሮንዴላው እንጨቱ ውስጥ መስመጥ ከጀመረ አልፋችኋል፣ ኮላውን ጨምቃችሁ እያስወጣችሁት ነው። ምንም ያልወጣበት ቦታ ካለ ደግሞ እዛ ጋ ኮላ የለም ማለት ነው፣ ገና ስላልደረቀ ፈትታችሁ ጨምሩ። የመጨረሻ ጊዜ በሲባጎ አይታችሁ ተዉት። 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ክላምፑ ለ24 ሰአት አይነካ፣ ጭነት ደግሞ ለአንድ ሳምንት አይጫን። ብርድ ከሆነ ይረዝማል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች በቅጡ አይደርቁም።

መያዙን በምን ታውቃላችሁ

ከዛው ቅልቅል፣ ከዛው እንጨት ቁራጭ ላይ ትንሽ ስካርፍ አብራችሁ አጣብቁ። ከሳምንት በኋላ ሞርሳ ላይ እሰሩና ስበሩት። የተሰበረው ፊት ላይ የእንጨት ቃጫ ከተቦጨቀ፣ እንጨቱ ነው የተሸነፈው፣ ጥሩ ነው። የሚያብለጨልጭ ንጹህ የኮላ ፊት ካያችሁ ግን አልያዘም፣ ወይ ቅልቅሉ ተዛብቷል ወይ ፊቱ አቧራ ወይም ቅባት ነበረው፣ ትልቁንም ቆርጣችሁ እንደገና ከመስራት ውጪ መፍትሄ የለውም። ዋናውን ደግሞ በትንሽ መዶሻ በመስመሩ እየተከተላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ባዶ የሆነበት ቦታ ድምጹ ይለወጣል።

ቡሎኑ አለ ብላችሁ ግን ይሄን አትናቁ። ኮላና ቡሎን ጭነቱን አይካፈሉም። ኮላ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ቡሎን ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን ግማሽ ሚሊ ተንሸራቶ ካልተደገፈ ስራ አይጀምርም፣ ስለዚህ ኮላው እስካለ ድረስ ሙሉውን የሚሸከመው እሱ ነው። ቡሎኑ ሲጣበቅ እንደ ክላምፕ ያገለግላል፣ በኋላ ስስ ጫፎቹ እንዳይላጡ ያግዛል፣ ኮላው ቢከዳ ደግሞ አግዳሚው በአንዴ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። 4 ቡሎን ብቻውን ግን ያን አግዳሚ እንደ ድሮው አያሸክመውም፣ ቡሎን በመጨመርም አይስተካከልም፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ እንጨት ይቀንሳል።

ሲሰቀል "ላይ" የተባለው ወደላይ፣ ቅጥያው ከመሃለኛው ምሰሶ 1 ሜትር በሚርቅበት በኩል። ከጥቂት ወራት በኋላ እንጨቱ ትንሽ ስለሚጠብ ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ያህል አጥብቁ፣ ብዙም አይደለም። ያኔ ስስ ጫፎቹ ጋ በጣም ስስ ቢላ ይዛችሁ መስመሩን ዳስሱ፣ ቢላው የሚገባበት ቦታ ካለ ኮላው መላቀቅ ጀምሯል፣ ኮላ ከላይ እየቀቡ ማሸግ ትርጉም የለውም፣ ከቅጥያው ስር ምሰሶ አስገቡና ጭነቱን አውርዱ። የቆርቆሮ ጣራ ስር የሚውል አግዳሚ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን አስቡበት፣ በክፍል ሙቀት የሚደርቁ ብዙ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርሱ መለስለስ ይጀምራሉ፣ ጸሃይ የበላው ቆርቆሮ ደግሞ እዛ ይደርሳል። እንደዛ ከሆነ በቆርቆሮውና በእንጨቱ መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቅጥያው ምሰሶ ሊቆምለት የሚችልበት ቦታ ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ምሰሶውን አቁሙለት።